«በግል ጉዳይ» ከሚለው ደብዳቤ ጀርባ

የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። «በግል ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን የምለቅ መሆኑን አስታውቃለሁ» ይልና እስካሁን ለተደረገው ትብብር አመስግኖ ያበቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ለምን እንደሚሄድ መዘርዘር አይጠበቅበትም። ድርጅቱ ማወቅ ከፈለገ ራሱ መጠየቅ አለበት።

ጥያቄው የሚቀርበው በዚያው ወር ውስጥ፣ በሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮ ነው። የስንብት ቃለ መጠይቅ ይሉታል። ሠራተኛው በዚያ ሰዓት ክሊራንሱን ገና እያዞረ ነው፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤው አልተፈረመለትም፤ ቀሪ ሒሳቡም አልተከፈለውም። የሚሄድበት ድርጅት ነገ ለቀድሞ አለቃው ደውሎ «እንዴት ያለ ሰው ነው?» ሊል ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ እውነቱን የሚናገር ሰው አደጋ ላይ ሆኖ ነው የሚናገረው፤ ለዚህም የሚያስይዘው የጠያቂውን ቃል ብቻ ነው።

የቃለ መጠይቁ ማስታወሻ ፋይል ውስጥ ይገባል። ዓመቱ ሲያልቅ ሃያና ሠላሳ ማስታወሻ ይከማችና የበላይ አመራሩ «ሰው ለምን እንደሚለቅ በሁለት ገጽ አቅርቡልን» ይላል። ያኔ ባለሙያው ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይጠብቀዋል። አንደኛው ከተበታተነው ወሬ ጭብጥ ማውጣት ሲሆን ሁለተኛው ማን ምን እንዳለ እንዳይታወቅ ማድረግ ነው። ሁለቱ ይጋጫሉ። ማስታወሻውን ጠቃሚ የሚያደርገው ዝርዝሩ ነው፤ ተናጋሪውን የሚያጋልጠውም ያው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ሁሉ ከተጣለ «ደመወዝ፣ አመራር፣ እድገት» የሚሉ ባዶ ቃላት ይቀራሉ፤ ሁሉም ከተጻፈ ደግሞ አለቆች ስም መገመት ይጀምራሉ። መውጫው ዝርዝሩን ለሁለት መለየት ነው፤ ነገሩ እንዴት እንደተፈጠረ የሚያስረዳው ይቆያል፣ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ የሆነው ይወጣል።

ሥራው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 ቺካጎ አጠገብ በሚገኘው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሆውቶርን ፋብሪካ ሠራተኞችን ቀርቦ የማነጋገር ትልቅ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። የተነጋገሩት ለቃቂዎች ሳይሆኑ በሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች ናቸው። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች ተነጋገሩ። የተናገሩት በስማቸው ሳይሆን በርእሰ ጉዳይ እየተመደበ ተሰበሰበ። ጠያቂዎቹ መጀመሪያ የተዘጋጀ ዝርዝር ጥያቄ ይዘው ገብተው ነበር፤ ሰዎቹ ግን ከጥያቄው እየወጡ ስለሚያሳስባቸው ነገር ያወሩ ጀመር። ስለዚህ ዘዴው ተቀየረና ሠራተኛው የፈለገውን እንዲናገር ተተወ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ዛሬም የሚሠራ ነው፤ ሰው የሚያነሳው ቅሬታና ቅሬታውን የወለደው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም።

በእኛ አገር ይህን የሚያስታውስ ጥናት አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ሥራ ካመለከቱ ወደ አንድ ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች መካከል ሥራ የሚሰጣቸው በዕጣ ተለይተው ነበር። ሥራው ከደረሳቸው ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመት ውስጥ ለቀቁ። ከውጭ ለሚያይ ነገሩ በአንድ ቃል የሚያልቅ ይመስላል፤ ደመወዙ ትንሽ ነው። ጥናቱ ግን የፋብሪካው ሥራ በጤና ላይ ያለውን ጫናና ብዙዎች ሥራውን የሚይዙት ሌላ እስኪያገኙ እንደ መቆያ መሆኑንም አሳይቷል። ገና በሳምንታት ውስጥ የወጣና ዓመት ሊሞላው ሲል የወጣ ሰው ሁለቱም «ደመወዝ» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። አንድ ምድብ ውስጥ ከከተቷቸው ግን ሁለቱንም መረዳት አይቻልም።

ይህን ለመለየት የሚረዳ ሐሳብ ቶማስ ሊ እና ቴረንስ ሚቼል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 አቅርበዋል። እንደ እነሱ አመለካከት ብዙ ሰው የሚለቀው ቅሬታው ቀስ በቀስ ሞልቶ ስለፈሰሰ ብቻ አይደለም። አንድ ክስተት ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። የጠበቀው እድገት ለሌላ ይሰጣል፣ የማያውቀው ዝውውር ይመጣበታል፣ ወይም ሳይፈልግ ሌላ ድርጅት ይደውልለታል። ስለዚህ ማስታወሻ የሚያነብ ሰው ሁለት ጥያቄ ነጣጥሎ ይጠይቃል፤ ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ያነሳሳው ምንድን ነው? የተገኘውን ሥራ እንዲቀበል ያደረገውስ ምንድን ነው? «ደመወዝ» አብዛኛውን ጊዜ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው። ድርጅቱ ማወቅ የሚገባው ግን የመጀመሪያውን ነው፤ ሊያስተካክለው የሚችለው እሱን ነውና።

ነገሩ በተግባር እንዲታይ ለማሳያ ብቻ የተሠራ አንድ ባንክ እንውሰድ። ባንኩም ሠራተኞቹም በእውን የሉም፤ የሚገጥማቸው ነገር ግን በዘርፉ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በዓመቱ 24 ሰዎች ለቀዋል፤ 24 ማስታወሻም አለ። ባለሙያው እንደ ወትሮው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምክንያት እየሰጠ ሲቆጥር 13 ደመወዝ፣ 5 እድገት፣ 3 አመራር፣ 3 የግል ጉዳይ አገኘ። አመራሩ ይህን ቢያይ የሚለው አስቀድሞ ይታወቃል፤ «ገበያው ነው፣ ሌላው ባንክ የሚከፍለውን እኛ መክፈል አንችልም»፤ ስብሰባውም እዚያ ላይ ያበቃል።

አሁን ማስታወሻዎቹ እንደገና ይነበቡ። በዚህኛው ዙር ሙሉው ሰው በአንድ ምድብ አይታሰርም። የተናገረው ሐሳብ በሐሳብ እየተቆረጠ በኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ አንድ ሐሳብ በአንድ መስመር ይሰፍራል፤ ከጎኑም የራሱን የሰውየውን ቃል የሚመስል አጭር መጠሪያ ይጻፍለታል። በስም ፋንታ ቁጥር ይገባል፤ ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ሌላ ቦታ ይቆለፋል። ቨርጂኒያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ ስለ ጭብጥ ትንተና ያስረዱት አካሄድ እንዲህ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ደጋግሞ ማንበብ፣ ከዚያ መጠሪያ መስጠት፣ ከዚያ መጠሪያዎቹን ማሰባሰብ፣ ከዚያም የተሰባሰበውን ወደ ማስታወሻዎቹ ተመልሶ መፈተሽ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ባለሙያው ሁለቱን ጥያቄዎች ይዞ ሲያነብ «ደመወዝ» ካሉት 13 ሰዎች ሰባቱ ሥራ መፈለግ የጀመሩት ያመለክቱበታል ብለው የጠበቁት መደብ ማስታወቂያ ሳይወጣበት ሰው እንደተመደበበት በሰሙ ጊዜ ነው። አራቱ ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ሲቆጥሩ ውለው ሒሳብ ሲዘጋ የተገኘው ጉድለት፣ ምንጩ ሳይጣራ፣ ከደመወዛቸው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ከሌላ ቦታ የተሻለ ደመወዝ መጥቶላቸው ብቻ የሄዱት ሁለት ናቸው። «እድገት» ያሉት አምስቱም የተናገሩት ስለዚያው ያለማስታወቂያ ስለተሞላ መደብ ነው። «አመራር» ካሉት ሦስት አንዱ ሥራ አስኪያጁ የጉድለቱን ቀን የካሜራ ቅጂ ለማየት እምቢ ማለቱን ተናግሯል፤ ሁለቱ ሳይነገራቸው ሥራቸው መለወጡን። «የግል ጉዳይ» ካሉት መካከል አንዷ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቶ የጠበቃት ናት፤ አንዱ ድንገት ሩቅ ከተማ ተመድቧል፤ የቀረችው ከባለቤቷ ጋር ወደ ውጭ ሄዳለች።

ተደምሮ ሲታይ ያለማስታወቂያ የተሞላ መደብ 12፣ ያልተጣራ ጉድለት 5፣ ሳይነገር የተለወጠ ምደባ 4፣ ሌላ 3 ይሆናል። ደመወዝ ከዋናዎቹ ምክንያቶች ዝርዝር ወጣ ማለት ነው። ከገበያው ጋር የማይገናኙ፣ በባንኩ በራሱ አሠራር የተወለዱ ነገሮች ፊት ለፊት መጡ።

ጭብጥ በአንድ ቃል አይጻፍም። «እድገት» የሚል አርእስት ምን እንደተበላሸ አይናገርም። «የእድገት ቦታዎች ማስታወቂያ ሳይወጣባቸው ስለሚሞሉ ሠራተኞች ባንኩ ውስጥ ተስፋ መጠበቅ ትተው ውጭ ያያሉ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ግን ምክንያቱንም ውጤቱንም ይዟል። ጭብጡ ተጠንቅቆ መሠራቱን ለማወቅ አንድ መፈተኛ አለ፤ ዓረፍተ ነገሩን ያነበበ ሰው ስህተት መሆኑን ሊያሳይ የሚችልበት መንገድ ካለ ጭብጡ ነገር ተናግሯል ማለት ነው። «አመራር ላይ ችግር አለ» የሚለውን ማንም ሊያስተባብል አይችልም፤ ምንም አላለምና።

ወደ ሁለተኛው ሥራ እንለፍ። ስም ማጥፋት ሰውን ይሰውራል የሚለው እምነት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ያሳየ አንድ ታዋቂ ታሪክ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የጤና መድን ተቋም የታካሚዎችን መረጃ ስምና አድራሻ አውጥቶ ለተመራማሪዎች ሰጠ። ያኔ የኤምአይቲ ተማሪ የነበረችው ላታንያ ስዊኒ የካምብሪጅ ከተማን የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዛችና ሁለቱን አስተያየች። የግዛቱ አስተዳዳሪ ዊሊያም ዌልድ የተወለደበትን ቀን የሚጋሩ በከተማው ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱ ወንዶቹ ሦስት፤ በእሱ የፖስታ ኮድ የሚኖረው ግን እሱ ብቻ። የሕክምና መዝገቡ ተገኘ። የልደት ቀን፣ ጾታና የፖስታ ኮድ ለየብቻቸው ምንም አይናገሩም፤ ሲገጣጠሙ ግን ስም ሆኑ።

ስዊኒ የሁለት ዝርዝሮች መገጣጠም አስፈልጓታል። በአንድ ድርጅት ውስጥ ግን ዝርዝሩ በሁሉም ሰው ጭንቅላት ውስጥ አለ። ማን መቼ እንደወጣ፣ የት ክፍል እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደተጋጨ፣ ማን እንደወለደች ሁሉም ያውቃል። ከውጭ ለሚያነብ ሰው የተሰወረ ሪፖርት ለክፍሉ ኃላፊ ግልጽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚለካው ማንነቱ እንግዳ ሰው ሊያገኘው በማይችል መልኩ መጥፋቱ ሳይሆን አጠገቡ ይሠራ የነበረው ሰው ሊያገኘው አለመቻሉ ነው።

በባንኩ ምሳሌ አንዱ ማስታወሻ እንዲህ ይላል እንበል፤ «ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ የውጭ ምንዛሪ ጠረጴዛዋ ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ‹አራት ወር ሙሉ ቦታውን ይዘን እንድንጠብቅሽ ነው?› አሏት።» ስም የለበትም። ግን በዚያ ዓመት ከወሊድ ተመልሳ የለቀቀች አንድ ሠራተኛ ብቻ አለች። «ከረጅም ፈቃድ የተመለሱ ሠራተኞች» ቢባልስ? የወሊድ ፈቃድ በአዋጁ 120 ቀን ነው፤ ከዚያ የሚስተካከል ፈቃድ የወሰደ ሌላ ሰው ከሌለ ያው እሷ ናት። «ሠራተኞች ምደባቸው መለወጡን የሚሰሙት ከተለወጠ በኋላ ነው» ሲባል ግን ከሌሎቹ ሦስቱ ጋር ትቀላቀላለች፤ የተፈጠረው ነገርም አልጠፋም።

የወሊዱ ነገር ግን ከሪፖርቱ ወጥቷል፤ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። እዚህ ላይ ጸሐፊው አቋም መያዝ አለበት። አድልዎን፣ ወሲባዊ ትንኮሳን ወይም ስርቆትን የሚመለከት ክስ በጭብጥ ውስጥ ተሟምቶ መቅረብ የለበትም። ማስታወሻው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ባለቤቷ ተጠርታ፣ ፈቅዳ፣ በቅሬታ ማቅረቢያው መንገድ ብቻውን ይሄዳል። ለዚህም ነው ጠያቂው ገና ሲጀምር «የሚሉኝ ሁሉ ምስጢር ነው» የማይለው። ምን እንደሚደመር፣ ማን እንደሚያየውና ምን ዓይነት ነገር ወደ ሌላ ክፍል እንደሚያልፍ አስቀድሞ ይነግራል።

ቁጥርም ያጋልጣል። ብዙ ተቋማት ከተወሰነ ቁጥር በታች የሆነ ቡድን ውጤት አያወጡም። አምስት የተለመደ ነው፤ ጥብቅ የሆኑት አሥር ይላሉ። ባንኩ አምስትን ቢይዝ ሳይነገር የተለወጠ ምደባ የሚለው ጭብጥ አራት ሰው ብቻ ስላለው ለብቻው ሊወጣ አይችልም። ባለሙያው ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ የሚቀጥለው ዓመት ማስታወሻ እስኪጨመርበት ማቆየት ነው። ሌላው ከአሥራ ሁለቱ ጋር ማዋሐድ ነው፤ በሁለቱም የሚታየው አንድ ነገር ስለሆነ። «ስለ ሠራተኛው ቦታ የሚወሰነውን ሠራተኛው የሚሰማው ከተወሰነ በኋላ ነው» ቢባል 16 ሰዎች ይገቡበታል። ይህ ጸሐፊ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ውሕደቱ ሐሳቡን ስላላደበዘዘው፣ እንዲያውም መደብ ከመሙላት በላይ የሆነ ልማድ እንዳለ ስላሳየ። ውሕደቱ ነገሩን የሚያደበዝዘው ቢሆን ኖሮ ማቆየቱ ይሻል ነበር።

አደጋው እዚህ አያበቃም። ሪፖርቱ በአንድ ገጽ «16» ብሎ በሌላ ገጽ «ከእነዚህ 12ቱ ስለ እድገት መደብ» ካለ፣ የተደበቁት አራቱ በመቀነስ ተገኙ። የግማሽ ዓመትና የዓመት ሪፖርት ጎን ለጎን ሲቀመጡም ያው ነው። በግማሽ ዓመቱ ከአንድ ቅርንጫፍ ስድስት፣ በዓመቱ መጨረሻ ሰባት ሰው እንደለቀቀ ከተጻፈና አዲስ ቅሬታ አብሮ ብቅ ካለ ሰባተኛው ሰው ታወቀ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት ከቀደሙት ጋር ይነጻጸራል፤ ቁጥርም «ከግማሽ በላይ»፣ «አምስት ያህል» እየተባለ በጥቅሉ ቢሰጥ ይሻላል።

ሌላው ወጥመድ ከቁጥር ማነስ አይመጣም፤ ከመስማማት ነው። ጉድለት ተቆረጠብን ያሉት አምስት ናቸው፤ ገደቡን አልፈዋል። ግን በዓመቱ የለቀቁት ገንዘብ ከፋዮች አምስት ብቻ ቢሆኑና ሁሉም ይህን ብለው ቢሆን፣ የለቀቀ ገንዘብ ከፋይ ሁሉ ይህን እንዳለ በእርግጠኝነት ይታወቅ ነበር። ማን እንዳለው መፈለግ እንኳ አያስፈልግም። የለቀቁት ገንዘብ ከፋዮች ዘጠኝ ከሆኑና አምስቱ ብቻ ካነሱት ግን ማንም ስለ አንዱ እርግጠኛ መሆን አይችልም። ስንት ሰው እንደተናገረ ብቻ ሳይሆን ከስንት ሰው ውስጥ እንደሆነም መታየት አለበት።

የሰውን ቃል በጥቅስ ማስቀመጥ ሪፖርቱን ሕያው ያደርገዋል፤ ስለዚህ ባለሙያዎች ይወዱታል። ሆኖም ሰው በአነጋገሩ ይታወቃል፤ በሚወደው ተረት፣ በአካባቢው ለዛ፣ በእንግሊዝኛ ቅልቅሉ። አማርኛ ደግሞ ጾታን በግሱ ውስጥ ያስገባል። «አለቃዬ ‹ከፈለግሽ ሂጂ› አለኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሴት መሆኗን ተናገረ፤ ሁለት ሴቶች ባሉበት ክፍል ደግሞ ይህ ግማሽ ስም ነው። «ሠራተኞች ቅሬታ ሲያቀርቡ ከፈለጉ መሄድ እንደሚችሉ ይነገራቸዋል» ማለት ነገሩን ያስቀራል፤ ሰውየውን ይሰውራል። የብዙ ቁጥር እዚህ ላይ ትልቅ መጠለያ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ አንድ ፈተና ይቀረዋል። ድርጅቱን በደንብ የሚያውቅ፣ ግን ማንንም የማያስተዳድርና ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ተመርጦ «በዚህ ውስጥ ማንን ታያለህ?» ይባላል። ስም ከጠራና ትክክል ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ እንደገና ይጻፋል። ተሳስቶ ስም ቢጠራም ይጻፋል፤ በስህተት የተጠረጠረ ሰውም ይጎዳልና።

ዋናዎቹ ማስታወሻዎችስ? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ መዋሉ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ማስታወሻው የተወሰደው የመልቀቂያ ምክንያቶችን ለማወቅ ከሆነ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሊያነበው የሚገባ ወረቀት አይደለም፤ ሌላ ድርጅት ስለ ሠራተኛው ሲጠይቅም የሚገለጥ ፋይል አይደለም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ጭብጡ የለቃቂዎች ቃል መሆኑን መርሳት አይገባም። የቀሩት ሠራተኞችም ስለ መደብ አሞላሉ ያንኑ ቅሬታ ይዘው በሥራ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ከሆነ ቅሬታው ብቻውን ሰውን አያስለቅቅም፤ ሌላ የሚጨመርበት ነገር አለ ማለት ነው። ይህን የስንብት ማስታወሻ ሊመልሰው አይችልም፤ በሥራ ላይ ያሉትን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሪፖርቱ ሲቀርብ ከጠረጴዛው ዙሪያ አንድ ሰው «ይህን ያለው ማን ነው? ቀርቦ ያስረዳ» ማለቱ አይቀርም። በባንኩ ምሳሌ ባለሙያው ለዚህ ተዘጋጅቶ ነው የሚገባው። ያለፉት ሁለት ዓመታት የእድገት ምደባ ደብዳቤዎች በሙሉ በመዝገብ ቤት አሉ፤ የውስጥ ማስታወቂያዎቹም ቀንና ቁጥር አላቸው። ሁለቱን ማነጻጸር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ስንት መደብ ያለማስታወቂያ እንደተሞላ ከደብዳቤዎቹ ይወጣል። የጉድለቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከደመወዝ የተቆረጠው ጉድለት በደመወዝ ክፍል ሰነድ ላይ ሰፍሯል፤ የማጣሪያ ሪፖርት ካለ ከእሱ ጋር ተያይዞ መገኘት አለበት። ለቃቂው የት መፈለግ እንዳለበት ለባንኩ ጠቁሟል፤ ማስረጃውን ግን ባንኩ ከራሱ ፋይል ማውጣት ይችላል።